ከምን ጋር ሲነጻጸር? የሐይቁ የንግግር ሕክምና ሙከራ ያስነሳው ክርክር

የወሎ ጤና ባለሙያዎች በምንሰባሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ሲጎተት ሰነበተ። የከፈተችው ደሴ ላይ ማስተርሷን የምትማር ልጅ ናት። ብዙ ሰው ገባበት፤ አንዳንዱ ተናዶ ወጣ፤ አንዳንዱም ጭራሽ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። መሀሉ ላይ የተነገረው ነገር ግን በሌላ ወሬ ተውጦ እንዲቀር አልፈለግሁም። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ።

የልጅቷ እቅድ እንዲህ ነው። በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ በ2014ቱ ጦርነት ተፈናቅለው የተመለሱ እናቶች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ድብርት ያለባቸውን 130 ሴቶች ትመለምላለች። መለኪያዋ ፒኤችኪው-9 ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ ከ27 ይታሰባል፣ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣች ትገባለች። ግማሾቹ በሳምንት አንዴ፣ ለአምስት ሳምንት፣ ከሠለጠነች ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ይቀመጣሉ። የሚሰጣቸው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባለው አጭር የንግግር ሕክምና ነው። ጭንቀትን በአተነፋፈስ ማርገብ፣ ችግርን አንድ በአንድ መፍታት፣ የተውትን ሥራ በትንሽ በትንሹ መልሶ መጀመር፣ ከሰው ጋር መገናኘት፤ ይኸው ነው። የቀሩት ግማሾች ሦስት ወር ተራ ይጠብቁና እነሱም ያገኛሉ። ምደባው በካርድ ቁጥር ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ወደ ሕክምና፣ ሙሉ ቁጥር ወደ ተጠባባቂ። መጨረሻ ላይ መጠይቁን የምታስሞላውም ያችው ሕክምናውን የሰጠችው ካውንስለር ናት። ሴቶቹ ስለሚያምኗት ይሻላል ብላ አስባለች።

ጥያቄዋ አጭር ነው። አድቫይዘሯ ተጠባባቂ ቡድን በቂ ነው ብሏታል። ጓደኛዋ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥናት ማንም አያትመውም ብላታለች። ማነው ልክ?

1ኛውን መልስ የሰጠችው ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት። እህትነት በተሞላበት ቃል አበረታታቻትና አድቫይዘሩን ደገፈች። በመጨረሻ ሁሉም ስለሚያገኙ ማንም አይበደልም አለች። በሥነ ምግባር በኩል ይህ የሚናቅ ነጥብ አይደለም፤ ብዙ አጥኚዎችም ተጠባባቂ ቡድንን የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

2ኛው የአንድ ፋርማሲስት ነው። ሰውየው በመድኃኒት ሙከራ ላይ የሠራ ነው፤ ነገሩን ከዚያ ተነስቶ አየው። በመድኃኒት ሙከራ ብዙ ጊዜ ታካሚውም ሐኪሙም እውነተኛው ክኒን የትኛው እንደሆነ አያውቁም። እዚህ ግን ሴትየዋ መታከሟን ታውቃለች፤ ካውንስለሯም ምን እየሰጠች እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ከወዲሁ የወደቀ ጥናት ነው ብሎ ደመደመ። መፍትሔውም ለተጠባባቂዎቹ የቫይታሚን ክኒን መስጠት ነው አለ። ግማሹ ልክ ነበር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለመለየት ግን ክሩ ብዙ መሄድ ነበረበት።

3ኛው መልስ ላይ ክሩ መልክ ያዘ። ጸሐፊው የመርሳ ተወላጅ የሆኑ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚያስተምሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው። ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። ለፋርማሲስቱ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ነርሷን በትሕትና አረሙ። ተጠባባቂ ቡድን ምንም ያልተደረገለት ቡድን ማለት አይደለም አሉ። አንዲት ሴት ሦስት ወር ጠብቂ፣ ከዚያ ትታከሚያለሽ ከተባለች፣ ያ ራሱ የተደረገባት ነገር ነው። ወትሮ ቢሆን ልቧ ሲጠብባት እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ወይ ጠበል ትገባለች፣ ወይ ወዳጃ ላይ ተቀምጣ ዱዓ ታስደርጋለች። አሁን ግን ተራዬ እስኪደርስ ብላ ትቀመጣለች። ሕክምናው እየመጣ ነዋ! ፉሩካዋ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ብዙ የድብርት ሙከራዎችን በአንድ ላይ አነጻጽረው ነበር። ተራ ጠብቁ የተባሉት ምንም ካልተደረገላቸው ሰዎች እንኳ ያነሰ መሻሻል ሳያሳዩ እንዳልቀሩ ጽፈዋል። እንግዲህ ሕክምናውን ወደ ኋላ ከተጎተተ ሰው ጎን ካቆምሽው ረጅም መስሎ ይታያል አሏት።

ልጅቷ 4ኛው ላይ አመሰገነችና ጠየቀች። እንግዲያው የተለመደውን የጤና ጣቢያ እንክብካቤ ከሚያገኙ ጋር ላነጻጽር?

5ኛው ከወልዲያ ነው። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው፣ ነገር አያለባብስም። የተለመደ እንክብካቤ የምትሉት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እሱ ባለበት አንዷ አሚትሪፕቲሊን የተባለ የድብርት ክኒን ተጽፎላት ትሄዳለች፣ ሌላዋ የራስ ምታት ክኒን፣ ሌላዋ አብሽሪ ተብላ ብቻ። ሰልፉ ሲረዝም አብሽሪውም ይቀራል። እንዲህ ያለውን ቡድን አንድ ስም ሰጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ማታለል ነው አለ። ቢያንስ ለእያንዳንዷ ምን እንደተደረገላት በመዝገብ ይያዝ ብሎ መከረ። ይህ ምክር ከክሩ ሁሉ ቶሎ ሥራ ላይ የሚውለው ይመስለኛል።

6ኛዋ ከኮምቦልቻ ናት። ጥያቄውን የተረዳችው በሌላ መንገድ ነው። ሕክምናው ይሠራል ወይ ተብላ የተጠየቀች መስሏት የራሷን ታሪክ አወራች። ከመፈናቀል ስትመለስ ቤቷ ባዶ ነበር። ወራት እንቅልፍ አልነበራትም። ሐኪም ቤት አልሄደችም። ያዳኗት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ በየማለዳው ቡና አፍልተው ሳትወድ በግዷ ይጠሯታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ከቦ ይውላል። መጀመሪያ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር፤ እያደረ ሲኒውን እሷ ታጥብ ጀመር፤ በኋላ ተራ ሲደርሳት ራሷ አፈላች። ለምን ይህ አይጠናም ብላ ጠየቀች።

አንድ ሁለት ሰዎች ከርዕስ ወጣሽ አሏት። ሐኪሙ ግን 9ኛው ላይ ተመለሱና ከሁላችንም በላይ ለጥያቄው የቀረበችው እሷ ናት አሉ። ምክንያታቸውን ቀስ ብለው አብራሩ። ሴቶቹ ወደ ጥናቱ የሚገቡት 10ና ከዚያ በላይ ባመጡበት ሳምንት ነው። ሰው ደግሞ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። በጣም በከፋበት ሳምንት የተለካ ሰው፣ ምንም ሳይደረግለት በሚቀጥለው ልኬት ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ጊዜ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቡና አለ። ስለዚህ 16 ይዛ ገብታ በ9 የወጣች ሴት ሰባቱንም ነጥብ ከሕክምናው አገኘች ማለት አይቻልም። ስንቱ የሕክምናው እንደሆነ የሚነግረን፣ ያንኑ ቡናና ያንኑ ጊዜ እያገኘች ሕክምናውን ብቻ ያላገኘችዋ ናት። ዕጣ የሚጣለው ለዚህ ነው።

እዚሁ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ። በካርድ ቁጥር መመደብ ዕጣ አይደለም አሉ። ልጅቷ ልዩነቱ አልገባትም ነበር። 10ኛዋ፣ ድሮ ካርድ ክፍል የሠራች ሴት፣ አስረዳቻት። አንዲት እናት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ እያለቀሰች ስትቆም፣ ቀጣዩ ቁጥር ሙሉ መሆኑን ያየች ሠራተኛ ከኋላ ያለውን ሰው ታስቀድምላታለች። ጎዶሎው እንዲደርሳት ነው። ደግነት ነው፤ ማንም የሚከሳት የለም። ግን በዚህ ዓይነት በጣም የታመሙት ወደ አንድ ወገን ይከማቻሉ፤ ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው ይለያያሉ። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሐይቅን የማያውቅ ሰው ደሴ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ዕጣውን ያወጣል፤ ተራ ቁጥር በተጻፈባቸው የታሸጉ ፖስታዎች ያዘጋጃል። ሴትየዋ ፈቅዳ፣ የመጀመሪያው ልኬቷ ተሞልቶ፣ ስሟ ፖስታው ላይ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ይከፈታል። ሴትዮዋ ከልምዷ አንድ ነገር አከለች። ፖስታውን ወደ መብራት አንስተሽ እይው፣ ጽሑፉ የሚታይ ከሆነ ውስጡ ፎይል አድርጊበት አለቻት።

በዚህ መሀል ፋርማሲስቱ ቆጣ ብሎ ተመልሶ ነበር። ጥያቄዬን ማንም አልመለሰም፣ ፖስታ ብታሽጉ ሴትየዋ መታከሟን ማወቋ አይቀርም አለ። እውነቱን ነው። ምደባው እስኪፈጸም ድረስ መደበቅና ከተመደቡ በኋላ መደበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ክሩ ላይ ብዙ ሰው ሲያምታታቸው ነበር።

ሐኪሙ 12ኛው ላይ በምሳሌ መለሱለት። የቫይታሚን ክኒኑ አያዋጣም። ሴትየዋ ክኒን መውሰድና ከሰው ጋር መቀመጥ አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለች። የሚሻለው ሌላኛውንም ቡድን ከሰው ጋር ማስቀመጥ ነው። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ነበር። ድብርት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ቲንኪንግ ሄልዚ የሚባለውን ሕክምና የሚሰጡት የመንደር ጤና ሠራተኞች ናቸው። የማነጻጸሪያዎቹም እናቶች ቤት ጤና ሠራተኛ ትሄድ ነበር፣ ያውም እኩል ጊዜ። የእነዚህኞቹ ጤና ሠራተኞች ግን ሕክምናውን አልሠለጠኑም። ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ወር ሲታይ፣ ሕክምናውን ካገኙት 23 ከመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 53 ከመቶው ድብርት ላይ ነበሩ። ይህን ልዩነት ሰው ስለጎበኛቸው ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። የተጎበኙት ሁሉም ናቸው።

ይህን ሳነብ ለልጅቷ መልሱ ተገኘ ብዬ ነበር። ሒሳቡ ገና አልመጣም።

14ኛው ላይ አንድ የስታቲስቲክስ መምህር ገባ። ቀመሩን እንዲህ አድርጎ ለጠፈው፦

```
n = 2 × (1.96 + 0.84)² × (6 / 3)²  = 63
n = 2 × (1.96 + 0.84)² × (6 / 1.5)² = 251
```

n በየቡድኑ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ 1.96ና 0.84 እንዲህ ባለ ስሌት የተለመዱ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። የሴቶቹ ነጥብ መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ 6 ነው እንበል። ከተጠባባቂ ጋር ስታነጻጽሪ የ3 ነጥብ ልዩነት ብትጠብቂ በየቡድኑ 63 ሴት ይበቃሻል። ልጅቷ 130 ያለችው ከዚህ ተነስታ ነው። ሌሎቹም አድማጭ ካገኙ ግን እነሱም ይሻላቸዋል፣ ልዩነቱ ይጠባል። ወደ 1.5 ቢወርድ በየቡድኑ 251 ያስፈልጋል። ልዩነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሰው ቁጥር አራት እጥፍ ይሆናል። ከአምስት ሴት አንዷ ብታቋርጥ ደግሞ 63ቱ ወደ 79፣ 251ዱም ወደ 314 ያድጋሉ። በድምሩ 628 ሴት ማለት ነው።

ልጅቷ የመለሰችው በአንድ መስመር ነው። ለማስተርስ መመረቂያ 628 ሴት ከየት አመጣለሁ አለች። እኔም አዘንኩላት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጦፈ። 16ኛው፣ የሰቆጣ ልጅ ነኝ ያለ ሰው፣ መድረኩን በሙሉ ወቀሰ። ወሎ ከጦርነቱ ወዲህ የመጠይቅ መሰብሰቢያ ሆናለች አለ። አንዱ መጥቶ የሞተብሽን ቁጠሪ ይላታል፣ አስፈርሞ አበል ይሰጣታል፣ ይሄዳል። ሌላው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ሰዎቹ እርዳታ ሲሹ እናንተ ማን ይከልከል ብላችሁ ዕጣ ትጥላላችሁ አለ። ሁለት ሰዎች ደገፉት። አንዱ ከዚያ ተነስቶ ወደ እርዳታ ስንዴ አከፋፈል ሄደ፤ አራት አምስት መልስ በዚያው ነጎደ። ያንን እዘለዋለሁ።

የሰቆጣው ልጅ ቁጣ ግን መልስ የሚገባው ነበር። መልሱን ያገኘው ካልተጠበቀ ሰው ነው፤ ከወልዲያው። የሠለጠኑት ካውንስለሮች አራት ብቻ ከሆኑ ዛሬም ሁሉንም አያደርሱም አለ። ካልደረሱ አንዷ ታገኛለች፣ አንዷ ትቀራለች፤ ያለ ዕጣ ከሆነ የምታገኘው የሊቀመንበሩ ዘመድ ናት። ይህን ካለ በኋላ ግን የሰቆጣውን ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተቀበለው። የማነጻጸሪያው ቡድን ሴቶች ባዶ እጃቸውን አይቀመጡ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ የሚያዳምጣቸው ሰው ይመደብላቸው፤ መጨረሻ ላይ ሕክምናው ከሠራ እነሱም ያግኙ አለ። የሰቆጣው ልጅ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ይስማማ አይስማማ አላውቅም።

23ኛው ጥያቄ የልጅቷ ነው። ለእኔ የክሩ ከባዱ ቋጠሮም እሱ ነው። እሺ፣ ሁለተኛውን ቡድን የሚያዳምጠው ማነው?

መምህሩ ያቺው ካውንስለር ትሁን አለ። እንዲያ ሲሆን የሰው ልዩነት ይጠፋል፤ የቀረው የሕክምናው ልዩነት ብቻ ነው። ሐኪሙ አልተስማሙም። ችግር መፍታትን የተማረች ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ የመጣችው እናት ጣሪያዬ እያፈሰሰ ቀበሌው መልስ ነሳኝ ስትላት እንዴት አንገቷን እየነቀነቀች ዝም ትላለች አሉ። ሳታስበው ጠዋት ያስተማረችውን ትሰጣታለች። ያኔ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ሕክምና ያገኙና ልዩነቱ ይጠፋል፤ እኛም ሕክምናው አይሠራም ብለን እንጽፋለን። ማወቂያው፣ በፈቃዳቸው ጥቂት ውይይቶችን ቀድቶ፣ ቡድናቸውን ለማያውቅ ሰው ማሰማት ነው። አድማጩ ዝርዝር ይዞ ችግር መፍታት ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም እያለ ይመልሳል። በማዳመጥ ብቻ መታለፍ በነበረበት ቅጂ ላይ ተሠርቷል የሚል ምልክት ከበዛ፣ ሕክምናው አፈትልኳል ማለት ነው።

እንግዲያው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ አለች የደሴዋ ነርስ። ለዚህም መልስ አለው። ሁለት ሁለት ካውንስለር በየወገኑ ቢቆሙና በሕክምናው በኩል ያለችው አንዷ በተፈጥሮዋ ፊቷ ፈታ ያለ ብትሆን፣ የተለካው የእሷ ፈገግታ ነው ወይስ ሕክምናው? በሁለት ሰው መለየት አይቻልም። የፓኪስታኖቹ ዕጣውን የጣሉት በአካባቢ ነበር፤ ስለዚህ የትኛዋ ጤና ሠራተኛ እንደምትሠለጥን የወሰነው ዕጣው ነው፣ ሠራተኞቹም ብዙ ነበሩ። አንድ ሰው ልጅቷም ዕጣውን በቀበሌ ትጣል አለ። መምህሩ ወዲያው አቆመው። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሴቶች ስለሚመሳሰሉ የሚያስፈልገው ቁጥር ይባስ ይጨምራል። ስምንት ቀበሌ ይዞ በቀበሌ ዕጣ መጣል፣ አራት ለአራት ሰው ከማነጻጸር ብዙም አይርቅም አለ። ይህ ሳይፈታ ቀረ።

ስለ መጠይቁ የተባለው ግን ጥርት ያለ ነበር። ካውንስለሯ ራሷ ታስሙላ የሚለውን ሁሉም በአንድ ድምፅ ጣለው። አምስት ሳምንት አብራት የተቀመጠችን ልጅ ፊት ለፊት እያየች አልተሻለኝም የምትል የወሎ እናት የለችም። ይሉኝታ አለ። የላቧን ዋጋ መንሳት ይመስላታል።

ስለዚህ ከውጭ የመጣች፣ ማን የትኛው ቡድን እንደሆነ የማታውቅ መጠይቅ አስሞዪ ትለካለች። ሐይቅ ግን ትንሽ ከተማ ናት። 31ኛዋ፣ በሌላ ጥናት መጠይቅ ስታስሞላ የነበረች ልጅ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ ከዓይኗ ያየችውን ጻፈች። እዚያው ከተማው ውስጥ እያደረች፣ ካውንስለሮቹ ባሉበት ግቢ ነበር የምትሠራው። አንዷ እናት ገብታ ገና ሳትቀመጥ ያቺ የምታማክረኝ ልጅ ደህና ናት ወይ ትላታለች። ሌላዋ የትንፋሽ ልምምድ የተሳለበትን ወረቀት አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛዋለች። አለቀ፣ ታወቀ። እሷ ያደረገችውን መከረች። መለኪያው በሌላ ግቢ ይሁን። ሴቶቹ ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት፣ በር ላይ ያለ ሰው ስላገኛችሁት ነገር ለውስጧ ልጅ አትንገሯት፣ ወረቀትም ካለ እዚህ አስቀምጡ ይበላቸው። ይህንኑ እሷም ውስጥ ትድገመው።

ሐኪሙ በዚህ ላይ የቼክ ዘዴ ጨመሩ። እያንዳንዱ መጠይቅ እንደተሞላ፣ የምትለካዋ ልጅ ሴትየዋ የትኛው ቡድን ትመስልሻለች ተብላ ትጠየቅ፤ ለምን እንዲያ እንዳለችም ትጻፍ። ለምሳሌ ከ60 ሴት የ44ቱን በትክክል ገመተች እንበል። በነሲብ ቢሆን ወደ 30 ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር አፈትልኳል። ግን ምኑ? ምክንያቱ ሴትየዋ ነገረችኝ ወይም ወረቀት አየሁ ከሆነ አሠራሩ ፈርሷል። ተሽሏት አየኋት ስለዚህ ታክማለች ብዬ ነው ካለች ግን፣ ያ ሕክምናው በትክክል በመሥራቱም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳይጽፉ 44 ብሎ ብቻ ማስፈር ሁለቱን ያምታታል።

ፋርማሲስቱ 35ኛው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰ። በእኔ እምነት ክሩ ላይ የተባለው ጠንካራው ሂስ የእሱ ነው። የምትለካዋን ልጅ ዓይን መሸፈናችሁ ምን ይጠቅማል አለ። ፒኤችኪው-9 ላይ መልስ የምትሰጠው ሴትየዋ ናት። ልጅቷ ያነበበችው፣ ሴትየዋ ያለችው ነው። ለኪው ታካሚዋ ራሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁሉን ታውቃለች።

ሐኪሙ አልተከራከሩም። ትክክል ነው አሉ። ይህ ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ የሚቀንስ ነው። አንዱ፣ ለሁለቱም ቡድን ሴቶች እኩል እውነት በሆነ ቃል መንገር ነው፤ ሁለት ዓይነት የምክር አገልግሎት እየሞከርን ነው፣ የትኛው እንደሚሻል አናውቅም ማለት። ተራ ጠብቂ በምትባል ሴት ላይ ይህ አይቻልም። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ውይይት በኋላ ይህ ይጠቅመኛል ብለሽ ምን ያህል ታምኛለሽ ብሎ ሁለቱንም መጠየቅ። ተስፋቸው እኩል ከሆነ፣ በኋላ የታየውን ልዩነት በተስፋ ማሳበብ ይከብዳል። በአንዱ ቡድን ካነሰ ደግሞ ፋርማሲስቱ ድል አደረገ ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ከስሜት ጥያቄ ሌላ የሚቆጠር ነገር መጨመር፤ ባለፈው ወር ስንት ቀን ሥራ ሳትሠሪ ዋልሽ፣ ስንት ጊዜ ገበያ ወጣሽ የሚል። ይህም ከአፏ የሚወጣ ነው፤ ግን ለይሉኝታ የመንበርከኩ ነገር፣ ስሜትሽ እንዴት ነው ከሚለው ጥያቄ ያነሰ ነው።

አንድ ሰው እዚህ ጋ ስለ ጾም ጠየቀ። አምስተኛው ጥያቄ የምግብ ፍላጎትን ይጠይቃል፤ ልኬቱ ሁዳዴ ወይ ረመዳን ላይ ቢውልስ? ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ሳምንት እስከተለኩ ድረስ ጾሙ ሁለቱንም እኩል ይነካል ተባለ። የሚያበላሸው አንዱን ቡድን በጾም፣ ሌላውን በፍስክ መለካት ነው።

የደሴዋ ነርስ ደግሞ ዘጠነኛውን ጥያቄ አስታወሰች። እሱ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። ቡድኗን የማታውቀው ለኪ አዎ የሚል መልስ ብታገኝ ምን ታድርግ? እዚህ ላይ ማንም አላመነታም። መሸሸጉ ይቅርና ሴትየዋ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ፣ የት እንደምትላክም ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ፣ ቀኑና ምክንያቱም ይመዝገብ። ይህ ለሁለቱም ቡድን እኩል ነው።

ልጅቷ በመጨረሻ የከለሰችውን እቅድ ለጠፈች። 628 ሴት አትችልም። ስለዚህ የሚሠራ መሆኑን ለመወሰን ሳይሆን መንገዱን ለመሞከር በየቡድኑ 30 ሴት ትይዛለች። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ያህል ጊዜ የሚያዳምጠው ሰው ያገኛል። ዕጣው ደሴ ላይ ይወጣል፣ ፖስታው ፎይል አለው። የምትቆጥረው ስንቷ አቋረጠች፣ ለኪዋ ምን ያህል ገመተች፣ ለምን ገመተች፣ የሴቶቹ ተስፋ እኩል ነው ወይ፣ በተቀዳው ውይይት ሕክምናው አፈትልኳል ወይ የሚሉትን ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ከመግባቷ በፊትም በአፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ታስመዘግበዋለች። ሁለተኛውን ቡድን የሚያዳምጠውን ሰው ጉዳይ ገና አልወሰነችም፤ አድቫይዘሯ ያችው ካውንስለር ትሁን ብሏል፣ ሐኪሙ ግን አሁንም አልተቀበሉም።

መምህሩ አንድ ማሳሰቢያ ጣለላት። በ60 ሴት የምታገኚው ልዩነት በጣም ይዋዥቃል፤ 4 ነጥብ ቢወጣልሽም ሠራ ብለሽ እንዳታውጂ፣ ያንኑ ቁጥር ይዘሽም የሚቀጥለውን ትልቅ ጥናት መጠን እንዳታሰይ አላት። ከእሱ በታች የኮምቦልቻዋ ሴት ተመልሳ መጥታለች። ሁለተኛውን ቡድን እንዲያዳምጥ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ለጎረቤቶቼ ልንገራቸው ወይ ብላ ጠይቃለች። እስካሁን መልስ የሰጣት የለም።